የራስ መኪና ወይስ ኪራይ? መጀመሪያ ባዶ መመለሻውን ቁጠሩ

የራስ ጭነት መኪና በኪሎሜትር 30 ብር ቢፈጅና አጓጓዡ 55 ብር ቢጠይቅ፣ መግዛት የሚያዋጣ ይመስላል። ችግሩ የራስ መኪና ቆሞም ይበላል። የሹፌርና የረዳት ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የእርጅና ቅናሽ፣ የብድር ወለድ፣ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ይከፈላሉ። ናፍጣ፣ ጎማና ሰርቪስ ግን ከኪሎሜትሩ ጋር ይጨምራሉ።

ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች እንውሰድ። የራስ መኪና ቋሚ ወጪ በወር 90,000 ብር ነው እንበል። አጓጓዡ ደግሞ በወር 15,000 ብር የውል ክፍያ ይቀበላል። የቋሚ ወጪዎቹ ልዩነት 75,000፣ የኪሎሜትሩ ልዩነት 25 ብር ነው። 75,000ን ለ25 ስናካፍል 3,000 ኪሎሜትር ይመጣል። እዚያ ላይ ሁለቱም እኩል 180,000 ብር ያስወጣሉ። በወር 2,000 ብቻ ከተሠራ የራስ 150,000፣ ኪራይ 125,000 ይሆናል። ከ3,000 በላይ ሲሄድ የራስ መኪና ያሸንፋል።

ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ያቆማል። አደገኛውም ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ኪሎሜትሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። አጓጓዡ የሚያስከፍለው ዕቃ ለጫነበት መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል። የራስ መኪና ግን ባዶውን ሲመለስም ናፍጣ ይጠጣል። 200 ኪሎሜትር ርቆ ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና 400 ኪሎሜትር ይነዳል። ናፍጣውና ጎማው ብቻ 12,000 ብር ነው። አጓጓዡ ለዚያው ጭነት 11,000 ይጠይቃል። እንዲህ ከሆነ የፈለገውን ያህል ርቀት ቢሠራ የራስ መኪና ኪራዩን አይደርስበትም። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት አጓጓዡን «መመለሻው ዋጋው ውስጥ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መመለሻውንም በ55 ብር ካስከፈለ የ3,000 ስሌት እንዳለ ይቆያል።

ከሁለት መመለሻ አንዱ ጭነት ቢያገኝስ? በአማካይ ከ400 ኪሎሜትር 300ው የተጫነ ይሆናል። የተጫነ ኪሎሜትር ለራስ መኪና 40 ብር ይፈጃል፣ ልዩነቱ 15 ብር ይቀራል፣ እኩል የሚሆኑበት ርቀት ወደ 5,000 የተጫነ ኪሎሜትር ይርቃል። ይኼ በወር 17 ያህል ደርሶ መልስ ነው። መጫን፣ ማራገፍና ወረፋ ተጨምሮ አንዱ ጉዞ ሁለት ቀን ከፈጀ፣ በ25 የሥራ ቀን 12 ብቻ ይሆናል። ታዲያ በወረቀት ላይ ያለው ነጥብ መኪናው የማይደርስበት ነጥብ ነው። ሁለተኛ መኪና መጨመርም አይፈታውም፤ ሌላ 90,000 ብር ቋሚ ወጪ ይዞ ይመጣል።

በእኔ እምነት የመመለሻ ጭነት አስተማማኝ የሆነለት፣ መንገዱም በየወሩ የማይቀያየር ሰው ይግዛ። ሥራው አንዴ ሞልቶ አንዴ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን፣ ዓመቱን ሙሉ ለማይቀረው ጭነት ብቻ የራሱን መኪና ይያዝና ከዚያ በላይ የሚመጣውን ጭነት በኪራይ ይሸፍን።