ደሴ ላይ ስላይድ የምታሳትሙ፣ ይህችን ልጅ እወቋት

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ ለ30 ባለሱቆች የሒሳብ አያያዝ ስልጠና ነበረኝ። ስላይዴ 54 ነው። በዋዜማው ከሰዓት ፍላሼን ይዤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ኮፒ ቤት ገባሁና «አንድ ስላይድ በአንድ ገጽ፣ 30 ኮፒ» አልኳት። ልጅቷ ፋይሉን ከፍታ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ይጽፉበታል ወይስ ዝም ብለው ያነቡታል?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንዳልኳት ብታትም 1,620 ወረቀት ይፈጅ ነበር፣ ከሦስት ደስጣ በላይ ማለት ነው። ገቢው የራሷ ነው፣ ዝም ብላ ማተም ትችል ነበር።

ይጽፉበታል አልኳት። ፕሪንት ውስጥ ገብታ Full Page Slides የሚለውን ወደ Handouts ቀየረችና 3 Slides የሚለውን መረጠች። ሦስቱ ስላይዶች በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፣ በቀኝ በኩል ለእያንዳንዳቸው መጻፊያ መስመር ይወጣል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ መስመር ያለው ይኸው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስድስቱ ይሻላል፣ ወረቀት የበለጠ ይቆጥባል ብዬ ተከራከርኳት። አልመለሰችልኝም፤ ከሁለቱም አንዳንድ ገጽ አትማ ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። የስላይዱ መጠን አንድ ነው ማለት ይቻላል! ስድስት ሲሆን የሚጠፋው መስመሩ ነው፣ ቦታውን ሌላ ስላይድ ይይዘዋል። ስለዚህ ለንባብ ብቻ ከሆነ ስድስቱን፣ የሚጻፍበት ከሆነ ሦስቱን። የኔ ባለሱቆች የየራሳቸውን ሒሳብ እየሠሩ ስለሚሄዱ ሦስቱ ላይ ተስማማን።

ቁጠባውን ሌላ ቦታ አገኘችው። ለፕሮጀክተር ብዬ ነጥቦቹን አንድ በአንድ የጨመርኩባቸው ተደጋጋሚ ስላይዶች ነበሩ፣ «ጥያቄ አለ?» እና «አመሰግናለሁ» የሚሉም ነበሩ። የፋይሉን ኮፒ ይዛ 12ቱን Hide Slide አለቻቸው፤ ከዚያ ፕሪንት ላይ Print Hidden Slides የሚለውን ምልክት አጠፋችው። ይህ ምልክት ካልጠፋ የደበቃችሁት ሁሉ ይታተማል። 42 ስላይድ ቀረ፣ 14 ገጽ፣ ፊትና ጀርባ ሲሆን 7 ወረቀት።

የጀርባ ቀለሙ ግን አስቸገራት። ስላይዴ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ተስሏል፣ ጽሑፉ ነጭ ነው። በጥቁርና ነጭ ማሽን ሲታተም ገጹ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቶነር ይጠጣል። Slide Master ውስጥ ገብታ ሳጥኑን አነሳችው፣ ፊደሉን ጥቁር አደረገችው። አልቋል ብዬ ልነሳ ስል «አብሽሩ ጋሼ፣ ትንሽ ቆዩ» ብላ የሕትመት እይታውን ገጽ በገጽ አየችው። አራት ስላይድ ላይ ርዕሱ ብቻ ቀርቶ ታቹ ባዶ ነው። እኔ በእጄ ነጭ የቀባኋቸው ፊደላት ከማስተሩ ጋር አልተቀየሩም፣ ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ሆነው ጠፍተዋል። አንድ በአንድ አስተካከለቻቸው። ይህን ሳታይ 30 ኮፒ ብታወጣ ኖሮ ስልጠናው ላይ ምን እል ነበር?

ሁለቱ የገቢና ወጪ ሠንጠረዦችም ነበሩ። በዚህ አሠራር ስላይዱ በጣም ስለሚያንስ የኛ ፊደል ይደፈናል፣ «ሰ»ን ከ«ሱ» መለየት ያቅታል። ሁለቱን በሙሉ ገጽ፣ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ አትማ ከኋላ አያያዘችልኝ። ስምንት ወረቀት በሰው፣ በጠቅላላው 240። ግማሽ ደስጣ እንኳን አልሞላም።

ሁሉንም ከማተሟ በፊት አንዱን አውጥታ በእጄ አስገለጠችኝ። ጥሩ ነው ያስገለጠችኝ፣ ጀርባው ተገልብጦ ነበር የወጣው። Flip on short edge ላይ ነበር፣ ወደ Flip on long edge መለሰችው።

ኑሪልኝ እህቴ። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም፣ የምትፈልጓት ግን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ሱቋን አሳያችኋለሁ። ስትሄዱ ፒዲኤፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውን የፓወርፖይንት ፋይል ያዙ፣ ከፒዲኤፍ ላይ ይህን ሁሉ ማስተካከል አይቻልም። የተለየ የአማርኛ ፎንት ከተጠቀማችሁ ፎንቱንም ፍላሹ ላይ ጨምሩት፣ እሷ ማሽን ላይ ከሌለ ጽሑፋችሁ ይበላሻል።