የመሳቢያ ኩሽኔታ ስላይድ ከአስር ወር በኋላ፦ ስላይዱን በከንቱ ነበር የሰደብኩት

ባለፈው ህዳር ለኪችን ባለ ሦስት መሳቢያ ካቢኔት አሰራሁ። ስላይዱን ራሴ ከመርካቶ ገዛሁ። 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፣ በጎን ነው የሚገጠመው፣ ሦስት ሀዲድ ተደራርቦ በትናንሽ የብረት ኳሶች ላይ ይሄዳል። ማሸጊያው 45 ኪሎ ይሸከማል ይላል። ስም ያለው ዕቃ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እስከ ጥር ድረስ ያየሁትን ሰው ሁሉ «እንዳትገዙ» ስል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሳቢያው ሲወጣ ደህና ነው። ሲገባ ግን የመጨረሻዋ አራት ጣት ላይ ሲደርስ ይይዛል፣ በዳሌ ካልገፋህ አይዘጋም። ከተዘጋ በኋላም የግራው ጥግ ከካቢኔቱ ፊት ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይቀራል። ፊቱን ያሰራሁት ከዋንዛ ነው፣ ከካቢኔቱ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ውስጥ እንዲቀመጥ ነበር ሀሳቡ፤ እንደዚህ ዓይነት ገጠማ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ከሩቅ ታስታውቃለች። ለአናጺው ደወልኩ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ሲሰሩበት ይላላል» አለኝ።

አልላላም። ኩሽኔታ ሲሰሩበት አይላላም፣ ያልቃል እንጂ።

ጥር ላይ አንድ እሁድ ሦስቱንም መሳቢያ አውጥቼ ካቢኔቱን ለካሁ። መጀመሪያ ስለ ስላይዱ አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከሷ ነው የሚመጣው። የዚህ ዓይነት ስላይድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ ግማሽ ኢንች ማለት ነው። ስለዚህ የመሳቢያው ሳጥን የውጭ ስፋት ከካቢኔቱ የውስጥ ስፋት በ25.4 ሚሊ ማነስ አለበት። ግማሽ ሚሊ፣ ቢበዛ አንድ ሚሊ ቢጠብ ችግር የለውም፣ ስላይዱ ይችለዋል። ሰፍቶ ከተሰራ ግን መድኃኒቱ ሳጥኑን መላግ ወይም እንደገና መቁረጥ ብቻ ነው። የጠበበውን በስስ ነገር መሙላት ይቻላል፣ የሰፋውን ግን የትም አታስገባውም።

የኔ ካቢኔት ፊት ለፊት ውስጡ 468 ሚሊ ነው። አናጺው እዚያ ጋ ብቻ ለክቶ ሳጥኑን 442.5 አድርጎ ሰራ። ሂሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ማንም ያልለካው ቦታ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ገብቼ ስለካ 465 ሆነ፣ መሃሉ ደግሞ 466.5። ከኋላ ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘው ጣውላ ሦስት ሚሊ አጥሮ ስለተቆረጠ ጎኖቹን ወደ ውስጥ ስቧቸዋል። ሁለቱ ስላይዶች ከፊት ወደ ኋላ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ ማለት ነው። ሳጥኑ እየገባ በሄደ ቁጥር ይጣበቃል፣ መጨረሻ ላይ ይነክሳል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስሰድብ የኖርኩት ስላይድ ምንም አላጠፋም።

አለካኩ ላይ አንድ ነገር። ሜትር ውስጥ ለውስጥ ሲለካ ጥጉ ላይ ስለሚታጠፍ ይዋሻል። እኔ አንድ ቀጥ ያለ ጠርብ ከፊት በኩል ልክ እስኪገባ ድረስ ቆረጥኩና ወደ ኋላ ገፋሁት። መሃል ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

አሁን ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ካቢኔቱን ፈትቶ የኋላውን ጣውላ መቀየር፣ ወይም ጠባቡን ቦታ እንደ ልክ ወስዶ ፊቱን መሙላት። ካቢኔቱ ከግድግዳው ጋር ስለታሰረ ሁለተኛውን መረጥኩ። ሳጥኖቹን ወደ 439.5 አስጠበብኳቸው፣ ያ ከ465 ላይ 25.4 ሲቀነስ የሚመጣው ነው። ቀጥሎ የፎርማይካ ቁራጭ ፈለግኩ፤ የኔው ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ጎን፣ ከስላይዱ ሥር፣ ፊተኛው ብሎን ጋ ሁለት ድርብ፣ መሃለኛው ጋ አንድ፣ ኋላ ምንም። በዚህ ሁለቱ ስላይዶች ከፊት እስከ ኋላ እኩል ርቀት ያዙ። ጠርቡን በልኩ አሳጠርኩትና በሁለቱ ስላይዶች መሃል እያንሸራተትኩ ፈተሽኩ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይይዝም ሳይላላም ሄደ።

ከፍታው ቀላሉ ክፍል ነው፣ ግን ብዙ ሰው በእርሳስ መስመር ሲያሰምር ይሳሳታል። እኔ አንድ የፕላይውድ ቁራጭ በ410 ሚሊ ከፍታ ቆረጥኩ፣ የካቢኔቱ ወለል ላይ አቆምኩት፣ የላይኛውን ስላይድ አናቱ ላይ አስቀምጬ አሰርኩ። ያንኑ ቁራጭ ወደ ሌላው ጎን አዙሬ ደገምኩ። ለመሃለኛው መሳቢያ ያንኑ አሳጠርኩት፣ ለታችኛው እንደገና። ቀኝና ግራ አንድ እንጨት ላይ ስለተቀመጡ የተለያየ ከፍታ ሊይዙ አይችሉም። ከዚያ በፊት ግን ካቢኔቱ ራሱ በውሃ ልክ መስተካከል አለበት። የኔ ኪችን ወለል ወደ ውሃ መውረጃው ዘንበል ያለ ነው፤ ካቢኔቱ ወደ ፊት ስላጋደለ የላይኛው መሳቢያ ሳይነካ በራሱ ይከፈት ነበር። ባለቤቴ «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ እንዴ» እያለች ስትስቅ ከርማለች። ፊተኞቹ እግሮች ሥር ማስተካከያ ሲገባ ዝም አለ።

ፊቱን እኩል ማድረግ። የዋንዛው ውፍረት 18 ሚሊ ነው። ስለዚህ ስላይዱ ከካቢኔቱ ጠርዝ 18 ሚሊ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ እኔ 19 ላይ አሰመርኩ፣ አንዷ ሚሊ ለማስተካከያ ናት። አናጺው የግራውን 16 ላይ፣ የቀኙን 19 ላይ ነበር ያሰረው፤ ለዚህ ነው ጥጉ ሲወጣ የኖረው። ስላይዱ ላይ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ፣ ክብና ሞላላ። ሁሌም መጀመሪያ ሞላላው ላይ ብቻ እሰሩ። ካቢኔቱ ላይ ያለው ሀዲድ አግድም ሞላላ ስላለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ደግሞ ቀጥ ያለ ሞላላ አለው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያስኬዳል። ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ዓይታችሁ አስተካክሉ፣ ሁሉም ሲስማማ ብቻ ክቡ ላይ ብሎን አስገቡ። ክቡ ላይ የጀመረ ሰው ሁለት ሚሊ ለማንቀሳቀስ ሲፈልግ አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር ይገናኝና ቺፑዱ ይፈረፈራል። እኔም አንድ ቦታ ደርሶብኛል፤ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሬ ጠቅጥቄ፣ አድሮ ሲደርቅ እንደገና አሰርኩት። እስካሁን ይዟል።

የዋንዛው ፊት መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰረው። ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ዙሪያውን ሁለት ሚሊ ክፍተት እንዲይዝ ስስ ነገር ጣልቃ አስገብቼ፣ በሁለት ፊት ማጣበቂያ ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩት፣ ቀስ ብዬ ከፍቼ ከውስጥ በብሎን ያዝኩት። ሳጥኑ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ይበል፣ ትንሽ መገፋፋት እንዲቻል።

ብሎን ካነሳን፦ አናቱ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ሀዲዱ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጥ። ጎልቶ የቀረ አናት ካለ መሳቢያው በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ «ቂርር» ይላል። ኳሱ አይደለም የሚጮኸው፣ ብረት ብረት ሲጭር ነው። የካቢኔቱ ጎን 16 ሚሊ ቺፑድ ከሆነ ደግሞ ከ13 ሚሊ የረዘመ ብሎን ባታስገቡ ይሻላል፣ ወደ ሌላኛው በኩል ጫፉ ብቅ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ አስር ወሩ። የላይኛው መሳቢያ በቀን ሃያ ጊዜ ይከፈታል፣ ማንኪያና ሹካ ነው ያለው። አሁንም ድምፅ የለውም። ሲዘጋ ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዘው ነገር ግን ደክሟል፣ በኃይል ከዘጉት ነጥሮ አንድ ጣት ያህል ይከፈታል። ታችኛው ላይ ድስቶችና ሙቀጫ አሉ፣ ሃያ ኪሎ ይጠጋል። ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ፊቱ አራት ሚሊ ያህል ዝቅ ይላል፣ ሲገባ ግን ተመልሶ ልኩ ላይ ይቀመጣል። ለዋጋው አልከፋም።

አንዱን ስላይድ ያበላሸሁት እኔ ራሴ ነኝ። መሳቢያውን ለማጽዳት አወጣሁት፤ ጥቁሩን የፕላስቲክ ምላስ በአንድ ጎን ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ተጭኖ ነው የሚወጣው። ስመልሰው ኳሶቹን የያዘችውን ስስ ብረት ወደ ፊት ሳልስባት ገፋሁት። ሀዲዱ መጥቶ መታት፣ ታጠፈች፣ ኳሶቹ ወለሉ ላይ እንደ ምስር ተበተኑ። የመጨረሻዋን ከፍሪጅ ሥር ያገኘኋት ከሳምንት በኋላ ነው። አይጠገንም፣ ሌላ ጥንድ ገዛሁ። ከመመለሳችሁ በፊት ሁለቱንም ጎን በጣታችሁ ሳባችሁ ወደ አፉ አምጧቸው። ትንሽ እንኳ ከያዘ አትግፉ፣ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። መሃለኛው መሳቢያ ላይኛው ጠርዝ ላይ መነካካት ጀመረ። ወዲያው ስላይዱ ወረደ ወይም ላላ ብዬ ካቻቪቴ አነሳሁ። ብሎኖቹ ሁሉ ጥብቅ ናቸው። ፊቱን ስለካው ዋንዛው ራሱ አብጧል፤ እንጨት በክረምት እርጥበት የሚያብጠው ወደ ጎን ነው፣ የኔ ፊት ላይ ጭረቱ አግድም ስለሚሄድ እብጠቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሆነ። ላይኛው ጠርዝ ቫርኒሽ አልተቀባም ነበር፣ እሱም አግዞታል። አንድ ሚሊ በመላጊያ አንስቼ ቀባሁት። አሁን መስከረም ላይ ክፍተቱ ከሌሎቹ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይታያል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማየው።

ለቁም ሳጥኑም ይሄንኑ ስላይድ ልገዛ ነው፣ በ50 ሴንቲ። አናጺውም ያው ነው። በዚህ ጊዜ ግን ጠርቡን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ሳጥኖቹ የሚቆረጡትም ካቢኔቱ ቆሞ ከኋላው ከተለካ በኋላ ነው።