ለጅማ ጓሮ የትኛዋ ላም ትሻላለች? ሆሮ፣ 50 በመቶ ወይስ 75 በመቶ

ገበያ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነች ላም ሁሉ «የፈረንጅ ላም» ናት። የፍሪዢያን ደሟ ግማሽ ይሁን ሦስት አራተኛ ግን መልኳ አይናገርም። የሚናገረው ግርግሟ ነው።

የኛዋ ሆሮ በቀን 2 ሊትር ከሰጠች ደህና ናት። በግጦሽና በገለባ ታድራለች፣ መዥገሩንም ትችለዋለች። ጥጃዋ ካልቀረባት ግን ወተቷን አትለቅም፤ ጥጃው ከሞተ ወተቱም አብሮ ሄደ።

50 በመቶዋ በደህና አያያዝ 8 ሊትር ገደማ፣ 75 በመቶዋ ደግሞ እስከ 14 ሊትር ልትታለብ ትችላለች። «ልትታለብ ትችላለች» ነው ያልኩት።

እስቲ እናስላው። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 40 ኪሎ ያህል እርጥብ ሳር ትበላለች። ሳሩ ጥሩ ከሆነ፣ ደሾ ወይም ገና ያልጠነከረ የዝሆን ሳር በሉት፣ ሰውነቷን ጠብቆ 3 ሊትር ያህል ወተት ያወጣል። ከዚያ በላይ ላለው በየ2 ሊትሩ 1 ኪሎ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ያስፈልጋል። ባለ 8 ሊትሯ 2 ኪሎ ተኩል ይበቃታል። ባለ 14ቷ 5 ኪሎ ተኩል፣ በወር 165 ኪሎ ትፈልጋለች፤ ሳሩ በሚደርቅበት በጋ ደግሞ ከዚህም በላይ።

እኔ በጡቷ ትልቅነት ተሸውጄ 75 በመቶዋን ገዛሁ። ጥር ላይ ፋጉሎ ሲወደድ መኖውን ቀነስኩባት። ወተቷ ወዲያው ስላልቀነሰ ጎበዝ ናት አልኩ። ለካ ከራሷ ሥጋ እያወጣች ነበር የምትታለብልኝ! የጎን አጥንቷ ወጣ፣ ከዚያ ወተቱ ወረደ። ኮርማ መፈለጓንም ተወችው፤ ወራት ያለ እርግዝና አለፉ። ሆሮ ብትሆን ወተቷን ቀንሳ ራሷን ታድን ነበር።

ስለዚህ የራሱ የሳር መሬት ለሌለው ሰው ምክሬ 50 በመቶዋ ናት። ቅቤ የሚሸጥ ከሆነ የጀርሲ ዲቃላ ይፈልግ፤ ሰውነቷ አነስ ስለሚል የምትበላውም ያንሳል፣ ወተቷም ቅባት አለው። ወደ ጊቤ ቆላ ለሚወርድ ሰው ግን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ስላለ ዲቃላ አልመክርም።

አንድ ወጥመድ አለ። 50 በመቶዋን ገዝታችሁ በንጹህ ፍሪዢያን ብታስዳቅሏት፣ የምትወለደው ጥጃ ያው 75 በመቶ ናት። አዳቃዩ ሲመጣ የ50 በመቶ ኮርማ ዘር እንዳለው ጠይቁት።

ስትገዙ ማታም ጠዋትም ስትታለብ ቆማችሁ እዩ። ጡቷ እንዲወጠር ሳያልቡ ገበያ የሚያወጡ ሞልተዋል። የመጀመሪያውን ወተት ከአራቱም ጡት በጥቁር ሳህን ላይ አሳልቡ፤ የተቋጠረ ነገር ወይም ውሃ መሳይ ካያችሁ ጡቷ ታሟል፣ ተዉአት።