140 ካሎሪ ያለው ብስኩት ወይስ 38 ካሎሪ ያለው? ሁለት ፓኬት ጎን ለጎን

ሀዋሳ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የብስኩት መደርደሪያው ፊት ብትቆሙ ሁለት ዓይነት የይዘት መግለጫ ታገኛላችሁ። አንዱ በአሜሪካ አሠራር የተጻፈ ነው። ቁጥሩ ሁሉ የሚናገረው ስለ አንድ ሰርቪንግ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በተለምዶ ስለሚበላ መጠን ነው። ሌላው በአውሮፓ አሠራር የተጻፈ ነው። ዋናው ዓምዱ በ100 ግራም ነው፤ ከጎኑ ደግሞ በአንድ ብስኩት ምን ያህል እንደሆነ ይጽፋል። ለልጅ መክሰስ የሚገዛ ሰው ሁለቱን አንስቶ ሲያስተያይ አንዱ 140 ካሎሪ ይላል፣ ሌላው 38። ብዙ ሰው 38 የሚለውን ይዞ ወደ ካሸሩ ይሄዳል።

የምርት ስም አልጠራም። አንዱን ቀዩ፣ ሌላውን ሰማያዊው እያልን እንሂድ። ቁጥሮቹ የሁለቱን አጻጻፍ ለማሳየት የመረጥኳቸው ናቸው። በእጃችሁ ያለውን ማንኛውንም ፓኬት በዚሁ መንገድ ማስላት ትችላላችሁ።

ቀዩ ፓኬት 150 ግራም ነው። ሰርቪንጉ 3 ብስኩት ወይም 30 ግራም ሲሆን፣ በፓኬቱ ውስጥ 5 ሰርቪንግ አለ። በአንድ ሰርቪንግ 140 ካሎሪ፣ 6 ግራም ቅባት፣ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 7 ግራም ስኳር፣ 2 ግራም ፕሮቲንና 115 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። ሰማያዊው 80 ግራም ነው፤ በውስጡ 8 ግራም የሚመዝኑ 10 ብስኩቶች አሉ። በ100 ግራም 477 ኪሎ ካሎሪ፣ 19 ግራም ቅባት፣ 68 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚህ ውስጥ 20 ግራም ስኳር፣ 3 ግራም ፋይበር፣ 7 ግራም ፕሮቲንና 1 ግራም ጨው ይላል። 38 የሚለው ቁጥር የአንዲት ብስኩት ብቻ ነው። ሰማያዊው ኪሎ ካሎሪ የሚለውና ቀዩ ካሎሪ የሚለው አንድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑን አንድ ማድረግ

ሰርቪንግ ማለት «ይህን ያህል ብሉ» ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሰርቪንግ የሚወሰነው ሰዎች በአንድ ጊዜ በተለምዶ ከሚበሉት መጠን ተነስቶ ነው፤ ለብስኩት 30 ግራም ነው። ስለዚህ ልጁ 6 ብስኩት ከበላ ሁለት ሰርቪንግ በልቷል። 280 ካሎሪ ማለት ነው። ፓኬቱን ከጨረሰው 140 በ5 ተባዝቶ 700 ይሆናል።

ሁለቱን ለማወዳደር ሁለቱንም ወደ 100 ግራም ማምጣት ነው። በቀዩ ላይ ያለውን ቁጥር በ30 አካፍሎ በ100 ማባዛት ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። የጨውን ነገር ግን ልብ በሉ። አንዱ ሶዲየም ይጽፋል፣ ሌላው ጨው። ጨውን በ2.5 ስታካፍሉት ሶዲየሙን ታገኛላችሁ። የሰማያዊው 1 ግራም ጨው 0.4 ግራም፣ ማለትም 400 ሚሊግራም ሶዲየም ነው።

| በ100 ግራም | ቀዩ | ሰማያዊው |
|---|---|---|
| ኃይል (ኪሎ ካሎሪ) | 467 | 477 |
| ቅባት (ግራም) | 20 | 19 |
| ስኳር (ግራም) | 23 | 20 |
| ሶዲየም (ሚሊግራም) | 383 | 400 |

140 እና 38 ሲባል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ የነበሩት ሁለቱ ብስኩቶች እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። እንዲያውም 38 የሚለው በጥቂቱ በልጦ ታየ።

በልጧል እንዴ? እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። የአሜሪካ ሌብል ከ50 በላይ የሆነን ካሎሪ ወደ ቅርቡ 10 ያጠጋጋል። ስለዚህ 140 የተባለው ከ135 እስከ 145 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህን ወደ 100 ግራም ስትወስዱት ከ450 እስከ 483 ይሆናል። የሰማያዊው 477 እዚያው መሃል ነው። በካሎሪ «ይሄ ይበልጣል» ማለት አይቻልም። ስኳሩስ? 7 ግራም የተባለው ከ6.5 እስከ 7.5 ቢሆን በ100 ግራም ከ21.7 እስከ 25 ይደርሳል። ዝቅተኛው እንኳ ከሰማያዊው 20 በላይ ነው። የስኳሩ ልዩነት በማጠጋጋት የመጣ አይደለም ማለት ነው። ትንሽ ናት፤ ግን አለች። ቁጥሮች ሲቀራረቡ ይህን ሳያዩ አንዱን አሸናፊ ማለት በሥነ ምግብ ተማሪዎች መልስ ላይም ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው።

መቶኛው ከምን ላይ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የቀዩ 7 ግራም ስኳር ሁሉም የተጨመረ ነው እንበል፤ ከተጨመረ ስኳሩ አጠገብ 14% ይላል። ሰማያዊው ለ30 ግራም ቢሰላ 6 ግራም ስኳር ይኖረዋል፤ መቶኛው ግን 7% ነው። የሚያይ ሰው «ስኳሩ በግማሽ ያንሳል» ቢል አይፈረድበትም። ግራሙ ግን 7 እና 6 ነው። ልዩነቱ አንድ ግራም ብቻ ሆኖ መቶኛው እንዴት እጥፍ ሆነ?

ሁለቱ የሚያካፍሉት ለተለያየ ቁጥር ስለሆነ ነው። የአሜሪካው ዴይሊ ቫልዩ፣ ማለትም መቶኛው የሚሰላበት የቀን መለኪያ፣ የሚያሰላው የተጨመረ ስኳርን ብቻ ሲሆን የቀኑን ጣሪያ 50 ግራም ያደርገዋል። 50 ግራም ስኳር 200 ካሎሪ ነው፤ ይህም የ2000 ካሎሪ 10 በመቶ ነው። የአውሮፓው ደግሞ በወተትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ ጠቅላላ ስኳርን ይዞ መለኪያውን 90 ግራም ያደርጋል። 7 ለ50 ሲካፈል 14 በመቶ፣ 6 ለ90 ሲካፈል 7 በመቶ። ሁለቱም አልዋሹም። ግን መቶኛን ከመቶኛ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ሁለት ዓይነት ሌብል ስትይዙ መቶኛውን ትታችሁ ግራሙን አስተያዩ።

መለኪያውን ካላወቃችሁ ወደ ኋላ አስሉት። ግራሙን ለመቶኛው አካፍሉ። 7 ለ0.14 ሲካፈል 50 ይመጣል፤ የአሜሪካ የተጨመረ ስኳር ነው። 6 ለ0.07 ሲካፈል ደግሞ 86 ገደማ ይመጣል፤ መቶኛው ተጠጋግቶ ስለተጻፈ እንጂ 90 ነው። በዚሁ ዘዴ አሮጌ የአሜሪካ ሌብልም ይታወቃል። በ2016 በወጣው ደንብ የቅባት መለኪያ ከ65 ወደ 78 ግራም ከፍ ብሏል። 6 ግራም ቅባት 8% ከተባለ አዲሱ ነው፣ 9% ከተባለ አሮጌው። አሮጌው ላይ የተጨመረ ስኳር የሚል መስመርም የለም።

መቶኛው ጥሩ የሚሆነው አንድ ዓይነት ሌብል ያላቸውን ምርቶች ስታወዳድሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 5% እና ከዚያ በታች ያለውን ዝቅተኛ፣ 20% እና ከዚያ በላይ ያለውን ከፍተኛ ይለዋል። ግን ይህ በአንድ ሰርቪንግ ነው። 3 ቀይ ብስኩት 14% ነው፤ መካከለኛ። ልጁ 6 ከበላ 28% ሆኖ ከፍተኛው ውስጥ ይገባል። ብስኩቱ ያው ነው፤ የተቀየረው የተበላው መጠን ነው።

ካሎሪውን ራሳችሁ ማስላት

አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲንም 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ቀዩን እንሞክረው፦

6 × 9 = 54
20 × 4 = 80
2 × 4 = 8
ድምር = 142

ሌብሉ 140 ይላል፤ በማጠጋጋት የመጣ ነው። ሰማያዊው ላይ ግን ይህንኑ ብቻ ካደረጋችሁ 471 ይመጣና ከ477 ጋር አይገጥምም። 6 ካሎሪ የት ሄደ? ፋይበሩ ውስጥ ነው። በአውሮፓ አሠራር ፋይበር ከካርቦሃይድሬቱ ተለይቶ ለብቻው ይጻፋል፤ ግራሙም በ2 ይባዛል። 3 ግራም ስለሆነ 6 ካሎሪ። በአሜሪካው ግን ፋይበሩ በ20 ግራሙ ካርቦሃይድሬት ውስጥ ተቆጥሯል። ድጋሚ ብትደምሩት ስሌቱ ይበላሻል። ድምሩ ከሌብሉ በጥቂት ካሎሪ ቢርቅ አያስጨንቅም። በ30 እና 40 ከራቀ ግን ወይ አንድ መስመር ዘላችኋል፣ ወይ የሰርቪንግን ቁጥር ከ100 ግራም ቁጥር ጋር ቀላቅላችኋል።

ፈተና ላይ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች። «ከዚህ ብስኩት ኃይል ስንት በመቶው ከቅባት ይመጣል?» ተማሪው ሌብሉ ላይ ቅባት 8% ሲል አይቶ 8 ብሎ ይመልሳል። 8 በመቶው ግን የቀኑ የቅባት መለኪያ ድርሻ ነው። የተጠየቀው ሌላ ነው። 54ን ለ142 አካፍሉ፤ 38 በመቶ ይመጣል። ብስኩቱ ከሚሰጠው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከቅባት ነው ማለት ነው።

ታዲያ የቱን ልውሰድ?

አቶቴ አካባቢ የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት እነዚህን የመሰሉ ሁለት ፓኬቶች ይዘው «ልጄ፣ ስኳሩ ያነሰውን ብወስድ አይሻለኝም?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ለእሳቸው የመለስኩት «እማማ፣ መጀመሪያ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን እንይ» የሚል ነበር። 30 ግራም ቀይ ብስኩት 1 ግራም ፋይበሩ ሲቀነስ 19 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። 30 ግራም ሰማያዊ ደግሞ 20 ግራም ገደማ። የብስኩት ዱቄትም ሆድ ውስጥ ወደ ግሉኮስ ስለሚቀየር ለደም ስኳር ሁለቱ አንድ ናቸው። ለእሳቸው የሚጠቅማቸው የቀለም ምርጫ አይደለም፤ ስንት ብስኩት ከምን ጋር እንደሚበሉ ነው።

ለትምህርት ቤት መክሰስ ከሆነ እኔ ሰማያዊውን እመርጣለሁ። በግራም ሲታይ ስኳሩ በትንሹ ያንሳል፣ ፓኬቱም ትንሽ ነው። ቦርሳ ውስጥ እንዳለ የሚከተት ከሆነ ሙሉው ሰማያዊ 382 ካሎሪ ነው፤ ሙሉው ቀይ 700። ለሁለት ቀን ከተከፈለ ደግሞ 5 ብስኩት 191 ካሎሪ ይሆናል። ቤት ውስጥ ቆጥራችሁ ምሳ ዕቃ ላይ የምታደርጉ ከሆናችሁ ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል። ያኔ ዋጋውን በፓኬቱ ግራም አካፍላችሁ በ100 አባዙትና በ100 ግራም የረከሰውን ውሰዱ።

አንድ ነገር ለትናንሽ ልጆች። ሌብሉ ላይ ያለው የአሜሪካ መቶኛ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሰው የተሰላ ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ የተጨመረ ስኳር መለኪያው 25 ግራም ነው። ቀዩ ላይ 14% የተባለው ለሦስት ዓመት ልጅ 28% ነው፤ በ3 ብስኩት ብቻ።