ሳይታዘዝ የሚሠራ ስልክ፦ ጣና ዳር ለወራት የተጠቀምኩበት አንድሮይድ

ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ፣ በባጃጅ ደግሞ በከተማዋ ዙሪያ ወዳሉ ቀበሌዎች እየሄድኩ የቡና ገበሬዎችንና ዓሣ አጥማጆችን ስልክ ላይ በተጫነ መጠይቅ እጠይቃለሁ። ለዚሁ ብዬ የገዛሁት አንድሮይድ 14 ያለው፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ስልክ እጄ ላይ ከገባ ወራት ሆነው። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ያውለኛል፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ጂፒኤሱም ጥቅጥቅ ባለው የዘጌ ቡና ውስጥ ሳይቀር ያለሁበትን ያገኛል። በእነዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ በርተው ስለሚመጡት አቋራጮች ነው፦ ከጠርዝ ማንሸራተት፣ መነቅነቅ፣ ሁለቴ መታ ማድረግ። እነሱን ካስተካከልኩ ወዲህ ለዚህ ስልክ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። እንደመጣ ቢቀር ኖሮ ግን ሁለትም አይደርሰው።

ስልኬ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምርጫዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበበው እጽፋለሁ። አማርኛ ላደረጋችሁት ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከሁሉም የከፋው ከጠርዝ ማንሸራተቱ ነው። አንድሮይድ ከ2019 ጀምሮ፣ ማለትም ከአንድሮይድ 10 ወዲህ፣ ከታች የነበሩትን ሦስት ቁልፎች በእንቅስቃሴ የሚተካ አሠራር አለው። ከግራም ሆነ ከቀኝ ጠርዝ ጣትን ወደ ውስጥ ማንሸራተት «ተመለስ» ማለት ነው። የምንሠራበት የመጠይቅ አፕ ODK Collect ደግሞ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው የሚያልፈው በማንሸራተት ነው፤ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ወዳለፈው ለመመለስ ከግራ ወደ ቀኝ። አሁን ስልኩን በቀኝ እጁ የያዘ ሰው አስቡ። «ቀጥል» ለማለት አውራ ጣቱ የሚነሳው ከቀኙ ጠርዝ ነው። አፕ «ቀጥል» ብሎ የሚጠብቀውን እንቅስቃሴ ስርዓቱ ቀድሞ «ተመለስ» ብሎ ይወስደዋል። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ የተጣሉት አንድ ቦታ ላይ በመገናኘታቸው ነው።

ውጤቱ ይህን ይመስላል። መጠይቁ ከ60 በላይ ጥያቄ አለው። የቤተሰቡ ብዛት፣ የቡናው መሬት ስፋት፣ ያለፈው ዓመት ምርት፣ የተሸጠበት ዋጋ ተሞልቶ መሃል ላይ ደርሰናል። አውራ ጣት ከጠርዝ ሲነሳ መልሱን ረቂቅ አድርጎ ማስቀመጥ ወይስ መጣል እንደሚሻል የሚጠይቅ መስኮት ድንገት ይከፈታል። ያኔ ዓይኔ ያለው ከሚያወሩኝ ሰው ፊት ላይ ነው፤ ጣቴ ግን ሥራውን ቀጥሏል። ሁለተኛው ንክኪ «ጣል» የሚለው ላይ ካረፈ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ይጠፋል። አንድ የዘጌ አዛውንት የመሬታቸውን ስፋት ደግሜ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ይሄን ቅድም ነገርኩህ እኮ» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ ስልኩ ስለጣለብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ነገሩ የእኔ ድካም ብቻ አይደለም። ሰው ሁለተኛ ሲጠየቅ መልሱን ያሳጥራል፣ ቁጥሩን ያጠጋጋል፤ የመረጃው ጥራት ይወርዳል።

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት ጥፋተኛውን የማውቅበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ነው ያገኘውን ሁሉ የሚያጠፋው። `About phone` ውስጥ `Build number` የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩ `Developer options` ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ያለውን `Pointer location` አብሩት። ከዚያ በኋላ ጣታችሁ ስክሪኑ ላይ በሄደበት ሁሉ መስመር ይሰመራል። ያላዘዛችሁት ነገር ሲከሰት መስመሩን እዩ። መስመሩ ከጠርዙ ከጀመረ ችግሩ የማንሸራተቱ ነው። ምንም መስመር ሳይኖር ካሜራ ከተከፈተ ወይም ፍላሽ ከበራ ስክሪኑ የለበትም፤ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ወይም የጎን ቁልፉ ነው። ጣታችሁ ሳይነካው መስመር ከተሰመረ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ውኃ አለ፣ ወይም የተሰካበት ቻርጀር ጥሩ አይደለም። ይህን ሦስተኛውን የትኛውም ሴቲንግ አያስተካክለውም። የስልክ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ለውጥ ስለሆነ የጣና ውኃ ጠብታም ጣት ሊመስለው ይችላል፤ በጨርቅ ማድረቅ ነው። ምርመራው ሲያልቅ `Pointer location`ን ማጥፋት አትርሱ፣ መስመሩ ሥራ ላይ ያስቸግራል።

የእኔ መስመር ከቀኝ ጠርዝ ነበር የሚጀምረው። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን ነው። `System` ውስጥ `Gestures`፣ ከዚያ `System navigation` ሲከፈት `Gesture navigation` አጠገብ የጥርሳማ ጎማ ምልክት አለ። እሱ ውስጥ የግራውንና የቀኙን ጠርዝ ንቃት ለየብቻ መቀነስ ይቻላል። የቀኙን ወደ ዝቅተኛው አወረድኩት። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ይበቃል እላለሁ። ጀልባ ላይ ግን አልበቃም፤ ንቃቱ የሚወስነው ጣት ከጠርዝ ምን ያህል ተጠግቶ ሲነሳ እንደሚቆጠር ነው፤ ዝቅተኛው ጠባብ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። ጀልባው ሲናጥ ደግሞ አውራ ጣት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው።

አንዳንዶች «አፑ ራሱ ለምን አይከለክለውም?» ይላሉ። አንድሮይድ አፖች ከየጠርዙ የተወሰነ ቦታ ለራሳቸው እንዲያስከብሩ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በአንድ ጠርዝ በቁመት ከ200 ዲፒ በላይ አይሰጥም፤ ይህም ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ሙሉ ገጹ ለሚንሸራተት መጠይቅ ይህ አይበቃውም። ስለዚህ መፍትሔው ከተጠቃሚው በኩል መምጣት አለበት።

እኔ ያደረግኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እዚያው `System navigation` ውስጥ `3-button navigation`ን መረጥኩ። ከዚያ በኋላ ከጠርዝ ማንሸራተት «ተመለስ» ማለቱ ጨርሶ ይቀራል፤ ለመመለስ ከታች ያለውን ቁልፍ አስቦ መንካት ግድ ነው። ሁለተኛው በአፑ በኩል ነው። ODK Collect ሴቲንግ ውስጥ `User interface` ስር `Navigation` አለ፤ ማንሸራተቱን ትቼ በወደፊትና በወደኋላ ቁልፎች ብቻ እንዲሄድ አደረግኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የመጀመሪያው ቅጹ እንዳይዘጋ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይታለፍ። ጀልባ ላይ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ ሳዛውር መዳፌ ስክሪኑን ጠርጎ አንድ ጥያቄ ያሳለፈብኝ ጊዜ ነበር፤ ግዴታ ያልሆነ ጥያቄ ከሆነ አፑ አያስጠነቅቅም። ይህ ሴቲንግ በአስተባባሪ የይለፍ ቃል ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። የእኛ አስተባባሪ አንድ ስልክ ላይ ካስተካከለ በኋላ የአፑን ሴቲንግ በኪውአር ኮድ ለሁላችንም አዳረሰው። የስልኩን የራሱን ግን እያንዳንዳችን በእጃችን ነው የቀየርነው፤ ኪውአር ኮዱ እዚያ አይደርስም።

ዋጋ አለው። ሦስቱ ቁልፎች ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ጠባብ መደዳ ይወስዳሉ፣ ረጅም ጥያቄ ሲኖር አንድ መስመር ወደ ታች ይገፋል። ከአፕ ወደ አፕ መቀያየሩም እንደ ማንሸራተቱ ፈጣን አይደለም። ለመዝናኛ ብቻ የሚጠቀም ሰው ይህን ባያደርግ አልፈርድበትም። ለሥራ ግን ምንም አላመነታም።

መነቅነቁ በክብደቱ ያንሳል፤ ቻርጅ ግን ይበላል። ስልኬ ሁለቴ ወደ ታች ሲነቀነቅ ፍላሽ የሚያበራ አቋራጭ አለው። ሴንሰሩ የሚያየው የፍጥነት ለውጥን እንጂ የሰው ሐሳብን አይደለም። ኮብልስቶን ላይ የሚዘል ባጃጅ፣ ከጀልባ ወደ ዳር መዝለል፣ ቦርሳ ትከሻ ላይ መወርወር ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ምልክቱ ቦርሳ ውስጥ የሞቀ ስልክና ያለምክንያት የወረደ ቻርጅ ነው። `Gestures` ውስጥ ገብቼ አጠፋሁት፤ ፍላሹን ከላይ ወደ ታች በሚሳበው ሰሌዳ ነው የማበራው። ስልክ ሲነቀነቅ የአስተያየት መላኪያ መስኮት የሚከፍቱ አፖችም አሉ። ያ የሚጠፋው ከስልኩ ሴቲንግ ሳይሆን ከአፑ ከራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማጥፊያው እዚያው በሚከፈተው መስኮት ላይ ይገኛል።

ሁለቴ መታ ማድረጉን በግማሽ ነው የተውኩት። `Tap to check phone` እና `Lift to check phone` የሚባሉት እንደ ስልኩ `Display` ወይም `Gestures` ውስጥ ናቸው። ሁለቱንም አጠፋሁ፤ በላብ የራሰ የሸሚዝ ኪስ ስክሪኑን ሲቀሰቅሰው ነበርና። የማብሪያ ቁልፉን ሁለቴ ሲጫኑት ካሜራ የሚከፍተውን ግን አልነካሁትም፤ የማሳውንና የመረቡን ፎቶ በፍጥነት ለማንሳት ይጠቅመኛል። አጠገቡ ያለውን፣ ቁልፉን አምስት ጊዜ በፍጥነት ሲጫኑት ድንገተኛ ጥሪ የሚያደርገውን ደግሞ ከማጥፋታችሁ በፊት አስቡበት። እኔ አላጠፋሁትም። `Safety & emergency` ውስጥ ገብቼ የቆጠራ ድምፁን አበራሁ፤ በስህተት ከተጫነ ጥሪው ሳይወጣ ሰምቼ አቋርጠዋለሁ። የሚደውልበትን ቁጥርም እዚያው ወደ 991 ቀየርኩት፤ የፖሊስ ቁጥራችን ነው።

ቴሌግራም ለሚጠቀም አንድ ነገር ልጨምር። የውይይቶቹ ዝርዝር ላይ ወደ ግራ ማንሸራተት አንድን ውይይት ወደ ማኅደር ይወስዳል፤ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። `Chat Settings` ውስጥ `Swipe left in chat list` ላይ ሌላ ሥራ መስጠት ይቻላል። የእኔ ከላይ እንዲሰካ ነው፤ ጣት ቢያመልጥ እንኳ ጉዳት የለውም።

የቀረው ግማሽ ነጥብ የተቀነሰው በዝማኔ ምክንያት ነው። ስርዓቱ ሲዘመን የመነቅነቁ አቋራጭ ተመልሶ በርቶ አግኝቼዋለሁ፤ ሦስቱ ቁልፎች ግን እንደነበሩ ቆይተዋል። አሁን ከዝማኔ በኋላ ወደ መስክ ከመውጣቴ በፊት `Gestures`ን ከፍቼ አያለሁ። ስልክ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ባለሱቁ ከማሸጉ በፊት ያንኑ ገጽ አስከፍቱት፤ `3-button navigation` መኖሩንና የመነቅነቂያው ማጥፊያ የት እንዳለ እዚያው ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።