ከጠረጴዛችን ስር ያሉት ሦስት የእርሳስ ጽሁፎች

የቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ስር ሦስት የእርሳስ ጽሁፎች አሉ። አንዱ አያቴ ጠረጴዛውን ያሠራ ጊዜ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው አባቴ ሊያስጠግነው የወሰደው ጊዜ ነው። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት እኔ ስወስደው ነው። ሦስቱንም የጻፈው አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ዘንድሮ 50 ዓመት ሞላው። ስለዚህ ዛሬ በሰው ፊት ላመሰግናቸው ነው።

ቤቱን የከፈቱትን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አሁን ሥራውን በአብዛኛው የምትመራው ልጃቸው ናት። እሳቸው ግን አሁንም ጠዋት ይመጣሉ፣ የመጣውን ዕቃ ሁሉ ገልብጠው ያያሉ። ከፊት ለፊት ማየት ለእሳቸው ማየት አይደለም። «የዕቃ እውነቱ ከስሩ ነው» ይላሉ። ይህን አባባላቸውን በደንብ የተረዳሁት በአባቴ ጊዜ በደረሰብን ነገር ነው።

ያኔ ቤት ቀየርን። ጠረጴዛው ከጭነት መኪና ሲወርድ ፊቱ ትንሽ ንቅንቅ አለ። የሚያጓጉዙት ሰዎች ለደግ ብለው ከስሩ በረጃጅም ብሎን ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ጠንካራ ሆነ፣ እኛም ደስ አለን። ደረቁ ወቅት ሲመጣ አንድ ሌሊት «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን። ጠዋት ስናይ ጠረጴዛው ከጫፍ እስከ መሀል በቁመቱ ተሰንጥቋል። የእጅ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ።

አባቴ ቅርብ ያገኘውን ጠጋኝ ጠራ። ሰውየው ስንጥቁን በስቱኮ ሞላው፣ ቀለም አመሳሰለው፣ ከስር ደግሞ አራት የብረት አንግል ጨመረበት። ሲያዩት አዲስ ይመስላል። እርጥብ ወራት ሲመጡ ስቱኮው እየተገፋ ወደ ላይ አበጠ፣ ጣት ሲያልፍበት ያደናቅፋል። ደረቁ ጊዜ ሲመለስ ደግሞ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ወጣ። በዚህን ጊዜ ነው አባቴ ጠረጴዛውን ወደ ሠሪዎቹ የመለሰው። እኔም አብሬው ሄጄ ነበር።

ጋሼ ገለበጡት። ብረቶቹን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ትርፍራፊ ጣውላ አንስተው ጫፉን አሳዩኝ። እንጨት በዛፍነቱ ውሃ የሚያሳልፉ እንደ ቀጭን ቱቦ ያሉ ክሮች ናቸው። ተቆርጦ ከደረቀም በኋላ ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል። ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። ነገር ግን የሚያብጠውም የሚኮማተረውም ወደ ጎን ነው። በቁመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም። ጠረጴዛችን ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። እንደዚያ የሰፋ ጣውላ በደረቁና በእርጥቡ ወር መካከል ግማሽ ሴንቲ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይንቀሳቀሳል። ቨርኒሽ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሊኮማተር ሲል ሁለቱ ጎኖቹ በብሎን ከተያዙ መሀል ላይ ከመሰንጠቅ ሌላ መውጫ የለውም።

ስቱኮውም ለዚህ ነው ያልረዳው። ስንጥቁ የሚሰፋው እንጨቱ ደርቆ ሲጠብ ነው። ያን ጊዜ ከሞሉት፣ እርጥበቱ ሲመለስ እንጨቱ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ሙሊቱን እየጨፈለቀ ይገፋዋል፣ ራሱም ይጨፈለቃል። እንደገና ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይጠብና ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይከፈታል።

ከዚያ ጋሼ መጀመሪያ ራሳቸው እንዴት ሠርተውት እንደነበር አሳዩን። እግሮቹን የሚያያይዙት የጎን ጣውላዎች ላይ በውስጥ በኩል ቀጭን ቦይ አለ። አውራ ጣት የሚያህሉ የእንጨት መያዣዎች ደግሞ አሉ። የመያዣው አንዱ ጫፍ በብሎን ከጠረጴዛው ፊት ጋር ይታሰራል። ሌላኛው ጫፉ ጥርስ አለው፣ ጥርሱ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ግን እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ግማሽ ሴንቲ ያህል ክፍተት ይተዉለታል። ፊቱ ወደ ታች ተይዟል፣ አይነሳም። ወደ ጎን ግን እንደ ልቡ ይሄዳል ይመጣል። በጉዞ ጊዜ ንቅንቅ ያለውም ከመያዣዎቹ ሁለቱ ስለወለቁ ነበር። ሁለት ቁራጭ እንጨት መልሶ መግጠም ብቻ ነበር የሚያስፈልገው!

ጥገናው ሁለት ሳምንት ወሰደ። ብረቱንና ብሎኑን ነቀሉ። ጠረጴዛውን ወዲያው አልነኩትም፣ ከሥራ ቤቱ አየር ጋር እስኪላመድ ጥቂት ቀን አሳደሩት። ከዚያ ሁለቱን ስንጥቆች ተከትለው ፊቱን ሙሉ በሙሉ በመጋዝ ከፈሉት። አባቴ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሼ ግን ስቱኮ የነካው እንጨት ኮላ እንደማይዝ፣ ንጹህ እንጨት ከንጹህ እንጨት ጋር መገናኘት እንዳለበት አስረዱት። ጠርዞቹን በመላጊያ አቀኑ። ሁለቱን ጠርዝ አጋጥመው ወደ ብርሃን ያዙት፣ በመሀላቸው ብርሃን እስካለፈ ድረስ መላግ አላቆሙም። ኮላ ቀብተው በሞርሳ አስረው አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ጠረጴዛው ከወርዱ አንድ ሴንቲ ያህል አጣ። ይህንን አስቀድመው ነግረውን ነበር፣ በኋላ የምንደነግጥበት ነገር አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም ስንጥቅ አልወጣበትም።

የእኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ የሄድኩት ለልጄ አልጋ ነበር። ልጃቸው ጣውላውን አሳየችኝ፣ ወደድኩት። ግን «ገና ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ» አለችኝ። ቸኩዬ ነበር፣ ለምን ብዬ ሞገትኳት። አልተቆጣችም። ከጣውላው መሀል ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ መዘነችው፣ 92 ግራም። መቶ ዲግሪ ትንሽ ባለፈ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በየተወሰነ ሰዓት እያወጣች መዘነችው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም 80 ግራም ሆነ። የጠፋው 12 ግራም ውሃ ነው። 12 ለ80 ሲካፈል 15 በመቶ። ለቤት ውስጥ ዕቃ የምትፈልገው 10 በመቶ አካባቢ ነው። በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ አላት፣ ግን ደምበኛ ሲጠራጠር ይህን ታሳየዋለች። በዚያው 15 በመቶ ቢሠራ አልጋው ቤቴ ገብቶ ይደርቅና መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ። ወር ከምናምን ጠበቅኩ። ልጄ አሁን አልጋው ላይ ይዘላል፣ ሲጥጥ የሚል ድምፅ እንኳ የለም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ወንበሮቹ ተራቸው ደረሰ። ከአያቴ ስድስት ወንበሮች ሁለቱ ይወዛወዙ ነበር። አንዱን እኔ ራሴ መጋጠሚያው ላይ ነጭ ኮላ አፍስሼበት ነበር፣ በሦስት ወሩ ተመልሶ ላላ። ሁለቱንም ከጠረጴዛው ጋር ወሰድኳቸው።

ያልነካሁት በቀላሉ ተፈታ። ጋሼ በድሮ ጊዜ ይጠቀሙ የነበረው ከቆዳና ከአጥንት የሚቀቀለውን ኮላ ነው። ይህ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ሙቅ ውሃ የነካ ጨርቅ መጋጠሚያው ላይ ጠቅልላ ቆየችና ቀስ ብላ ሳበችው። ምንም ሳይሰበር ወጣ። የሚያምረው ነገር፣ አዲሱ የዚሁ ዓይነት ኮላ አሮጌው ላይ ይይዛል። ሙልጭ አድርጎ መፋቅ አያስፈልግም።

የእኔ ወንበር ግን አስቸገራት። ነጩ ኮላ አንዴ ከደረቀ በኋላ አዲስ ኮላ በላዩ ላይ በደንብ አይይዝም። እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አለበት። ሲፋቅ ደግሞ የአግዳሚው ምላስ እንዳይቀጥን ያስፈራል፣ ምላሱ ከቀጠነ ቀዳዳው ውስጥ ይዋልላል። በመሮ ጫፍ ስትፍቀው ግማሽ ቀን ፈጀባት። አንዱ ምላስ ላይ ስስ የእንጨት ሽፋን ለጥፋ ማወፈር ነበረባት። ስትጨርስ በሞርሳ ከማጥበቋ በፊት መቀመጫውን ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለካች፣ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆኑን። እኩል ካልሆነ ወንበሩ ጠሞ ይደርቃል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እነሱ ጋ ዕቃ የምትወስዱ ሰዎች እንድትጠቀሙበት ነው። መጋጠሚያው ከላላ ከመውሰዳችሁ በፊት ኮላም ሚስማርም አትጨምሩበት። የወለቀ ቁራጭ ካለ ምንም ትንሽ ቢሆን በፌስታል አድርጋችሁ ውሰዱት። ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት፣ ፊቱ በብረት ወይም በብሎን ቀጥታ ከታሰረ ሳይሰነጠቅ በፊት አሳዩአቸው።

የማይሆነውንም አይሆንም ይሏችኋል። እናቴ ውሃ ገብቶበት ስሩ ያበጠ የቺፑድ ቁም ሳጥን ወስዳ ነበር። ጋሼ በጣታቸው ጫን አሉት፣ ፍርፍር አለ። «እመቤቴ፣ ይሄ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ነው፣ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ገንዘብሽን አታውጪበት» ብለው መለሷት። ሊያስከፍሏት ይችሉ ነበር።

ጋሼ፣ እንኳን ለ50ኛ ዓመትዎ አደረስዎ! እድሜና ጤና ይስጥልን። ልጅዎንም እጇን ይባርክልን። አያቴ ቢኖር ኖሮ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነበር።

ለበዓሉ በ50 ዓመት ውስጥ ከሠሯቸው ዕቃዎች ጥቂቱን ሰብስበው ሥራ ቤቱ ውስጥ ለሰው ሊያሳዩ ነው። የእኛን ጠረጴዛም ጠይቀውናል፣ ሰጥተናል። ለዕይታ የሚቀመጠው ግን ተገልብጦ ነው፣ ጋሼ እንዲያ ይሁን ብለዋል። ቦዩንም መያዣዎቹንም ታያላችሁ። ሦስቱንም የእርሳስ ጽሁፍ ታነባላችሁ። የመጨረሻው የልጃቸው እጅ ጽሁፍ ነው፣ «ክፍተቱ ታይቷል፣ ደህና ነው» ይላል።