ከአዲስ አበባ ለጀርመን ቀጣሪ ሲያመለክቱ፦ የቪዛን ጉዳይ በኢሜይሉ መጥቀስ ወይስ ለቃለ መጠይቅ ማቆየት?

ቀጣሪው በ+251 የሚጀምረውን ስልክ ቁጥር ሲያይ አመልካቹ የሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው መገመቱ ስለማይቀር፣ ጥያቄው መደበቅ ወይም መግለጥ ሳይሆን ማን ቀድሞ ያብራራው የሚል ነው።

መጥቀስ፦ «ቪዛ እፈልጋለሁ» ብቻ ማለት ሸክም ማስተላለፍ ነው። ይልቁንም በኢሜይሉ መጨረሻ «ዲግሪዬ በአናቢን የመረጃ ቋት ከጀርመን ዲግሪ ጋር አቻ ሆኖ ስለሚገኝ ለአውሮፓ ሰማያዊ ካርድ ማመልከት እችላለሁ፤ በውክልናዬ የተፋጠነውን የባለሙያዎች ሂደት መጀመርም ይቻላል» የሚል ሐሳብ በቂ ነው። አናቢን የውጭ ዲግሪዎች በጀርመን ያላቸውን አቻነት የሚያሳይ ቋት ሲሆን፣ ሰማያዊ ካርዱ ደግሞ በዋናነት ዲግሪ ላላቸው የውጭ ባለሙያዎች የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የተፋጠነውን ሂደት ቀጣሪው በጀርመን የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ በኩል ያስጀምራል፤ የቢሮው ክፍያ 411 ዩሮ ሲሆን፣ ቅድመ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ መስጠት ይጠበቅበታል። ጉዳቱ፣ ከውጭ ቀጥሮ የማያውቅ ትንሽ ድርጅት ገና ሙያውን ሳያይ ሊያልፈው መቻሉ ነው።

ማቆየት፦ የመጀመሪያው ኢሜይል በሙያው ላይ ብቻ ያተኩራል። ሆኖም «መቼ ትጀምራለህ?» ሲባል የወራት ጥበቃ መኖሩ በድንገት ከተሰማ፣ ቀጣሪው የተደበቀ ነገር እንዳለ ይቆጥረዋል። በቅጽ ላይ «በጀርመን የመሥራት ፈቃድ አለህ?» ተብለው በቀጥታ ከተጠየቁ ግን ማቆየት የለም፤ ሐሰተኛ «አዎ» ቅጥሩን ሊያሰርዝ ይችላል።

ማስታወቂያው ከውጭ እንደሚቀጥሩ ከገለጸ ወይም የዲግሪው አቻነት ከተረጋገጠ መጥቀሱ ይሻላል። አቻነቱ ገና ካልተጣራና ድርጅቱ ትንሽ ከሆነ እስከ መጀመሪያው ውይይት ማቆየት ያስኬዳል። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ያለው አመልካች ግን ከአዲስ አበባም ቢጽፍ ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ ያስፍር።